ለሦስት ደቂቃ ጉዳይ የአንድ ሰዓት ወረፋ

ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ አንድ ታካሚ መስኮቱ ጋ ደርሶ፣ ስሙ ተፈልጎ፣ ካርዱ ከመደርደሪያ ወጥቶ ወደ ሐኪም እስኪላክ ሦስት ደቂቃ ያህል ቢፈጅ ነው። ለዚህች ሦስት ደቂቃ ግን ሰው አንድ ሰዓት ይቆማል። ተሰላፊው «ሠራተኛዋ ዘገምተኛ ናት» ይላል፤ ኃላፊው ደግሞ የሰው ኃይል ይጨመርልን ብሎ ደብዳቤ ይጽፋል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ስተዋል።

ወረፋን በሒሳብ የመረመረው የመጀመሪያው ሰው ዴንማርካዊው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ነው ማለት ይቻላል። በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ተቀጥሮ፣ ደዋዮች ብዙ እንዳይጉላሉ ስንት የስልክ መስመር እንደሚበቃ ሲያሰላ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1909 የመጀመሪያ ጥናቱን አሳተመ። ከዚያ ወዲህ የዳበረው ስሌት ለካርድ ክፍሉም ይሠራል።

አንዲት ሠራተኛ በሰዓት 20 ሰው ታስተናግዳለች እንበል። በሰዓት 10 ሰው ቢመጣ አንድ ሰው በአማካይ 3 ደቂቃ ይጠብቃል። 18 ሰው ሲመጣ ጥበቃው 27 ደቂቃ ይደርሳል። አንድ ሰው ብቻ ተጨምሮ 19 ሲሆን ግን ወደ 57 ደቂቃ ያሻቅባል። ሠራተኛዋ አልሰነፈችም፤ ፍጥነቷም ያው ነው። ሰው የሚመጣው እኩል ጊዜ እየጠበቀ አይደለም፣ የአንዱም ጉዳይ ከሌላው ይረዝማል። ትርፍ ጊዜ ካለ የተጠራቀመው ሰልፍ ቶሎ ይቃለላል፤ ትርፉ ሲያልቅ ግን ትንሿ መዘግየት ለተከታዩ ሁሉ ትተርፋለች።

ታዲያ 19ኙ እነማን ናቸው? ከመካከላቸው ሦስቱ ቀደም ብለው መጥተው የተመለሱ ቢሆኑስ? «እማማ፣ የጤና መድን ደብተርዎ አልታደሰም፤ አሳድሰው ይምጡ» የተባሉት፣ የመታወቂያ ኮፒ የጎደላቸው፣ የሪፈር ወረቀታቸው ማኅተም የሌለው። እነዚህ ሰዎች አንድ ጉዳይ ይዘው ሁለት ጊዜ ይሰለፋሉ፤ መስኮቱንም ሁለት ጊዜ ይይዛሉ። ሦስቱ በመጀመሪያው ቀን ቢጨርሱ ኖሮ በሰዓት የሚመጣው 16 ይሆናል፣ አማካይ ጥበቃውም ከ57 ደቂቃ ወደ 12 ይወርድ ነበር። አንድም ሠራተኛ ሳይቀጠር ማለት ነው።

ስለዚህ ርካሹ መፍትሔ ያለው መስኮቱ ጋ ሳይሆን በሩ ላይ ነው። ሰው ከመሰለፉ በፊት ወረቀቱን የሚያይለት አንድ ሰው ይቀመጥ፤ የሚያስፈልጉት ማስረጃዎች በትልቅ ፊደል ተጽፈው ግቢው መግቢያ ላይ ይለጠፉ። ማስታወቂያው ከመስኮቱ በላይ ሲለጠፍ፣ እንደተለመደው፣ ሰው የሚያነበው ተራው ሲደርስ ነው። ኮፒ ማንሻ ማሽኑም ከቢሮው ማዶ ካለ ሱቅ ይልቅ እዚያው ግቢ ውስጥ ቢሆን ብዙ ምልልስ ያስቀራል።

ሁለተኛው ጣጣ የጠዋቱ ግርግር ነው። በር ሲከፈት 40 ሰው ቆሞ ከጠበቀ፣ የመጨረሻው ሰው መስኮቱ ጋ የሚደርሰው ሁለት ሰዓት ገደማ ጠብቆ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ባዶ ቢውልም ለእሱ አይጠቅመውም። ከእነዚህ ውስጥ የደም ግፊትና የስኳር ክትትል ያላቸው ቀድመው የታወቁ ናቸው። ቀጠሮ ካርዳቸው ላይ ቀኑ ብቻ ስለሚጻፍ ሁሉም በማለዳ ይመጣሉ። «ከ8 እስከ 9 ሰዓት» ተብሎ ቢጻፍላቸው ጠዋቱ ለድንገተኛ ታካሚ ይለቀቃል። ከሩቅ የሚመጣ ሰው ትራንስፖርት ስለሚያስቸግረው ደቂቃ የተቆረጠ ቀጠሮ አያዋጣም፤ የአንድ ሰዓት ክፍተት ይበቃል።

ባንክ ቤቶች በቁጥር ወረቀት ያመጡት ለውጥ ሌላ ነው። ሁለት መስኮቶች የየራሳቸው ሰልፍ ኖሯቸው እያንዳንዱ በሰዓት 18 ሰው ቢመጣበት፣ ጥበቃው ያው 27 ደቂቃ ነው። ሰልፉ አንድ ሆኖ ተረኛው ወደተለቀቀው መስኮት ሲሄድ ወደ 13 ደቂቃ ይወርዳል፤ አንዱ ሰልፍ ረዝሞ የሌላው መስኮት ሠራተኛ እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥበት ጊዜ አይኖርማ። ግን ማሽኑ ቁጥር እየሰጠ ዘመድ በጓሮ ከገባ ጥቅሙ ይጠፋል። ደግሞም ማሽኑ የሚቆጥረው ወረቀቱ ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ ነው፤ በር እስኪከፈት ከውጭ የተቆመው ሰዓት በሪፖርቱ አይገባም። ሪፖርት የሚያነብ ኃላፊ ይህን ልብ ቢል ጥሩ ነው።

በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው የመሶብ አንድ ማዕከል አገልግሎት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶችን አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር አሰባስቧል። ከቢሮ ቢሮ መንከራተትን ይቀንሳል፤ ጎዶሎ ማስረጃ ይዞ የመጣን ሰው ግን እሱም ቢሆን መመለሱ አይቀርም።

የሰው ኃይል ይጨመርልን የሚል ኃላፊ ደብዳቤውን ከመፈረሙ በፊት፣ ለአንድ ሳምንት ከመስኮት የተመለሰውን ሰው ሁሉ ከነምክንያቱ በአንድ ደብተር ያስመዝግብ። ደጋግሞ የሚወጣውን ምክንያት በር ላይ ያስቀርና ከዚያ በኋላም ሰልፉ ካልቀነሰ፣ ያኔ ሠራተኛ ይጠይቅ።