ወኪል ወይስ ቀጥታ ሽያጭ? የፀጉር ቅባት ወደ ጀርመን ሲገባ

አንድ የመዋቢያ ምርት አምራች ወደ አዲስ አገር ገበያ ሲገባ ሸቀጡን ለደንበኛ የሚያደርስባቸው ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ገበያውን የሚያውቅ የአገሬውን የንግድ ወኪል ይዞ ከሽያጩ ላይ ኮሚሽን መክፈል ነው። ሁለተኛው የራስን ሻጭ ቀጥሮ ለፀጉር ቤቶችና ለሱቆች፣ ወይም በድረ ገጽ ለተጠቃሚው በቀጥታ መሸጥ ነው። ወኪል ከአከፋፋይ ይለያል። አከፋፋይ ዕቃውን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ በራሱ ዋጋ ይሸጣል። ወኪል ግን በአምራቹ ስም ትዕዛዝ ይሰበስባል፤ ዋጋውን የሚወስነው አምራቹ ነው፣ ገዢው ሳይከፍል ቢቀርም ኪሳራው በመሠረቱ የአምራቹ ነው።

በሁለቱ መካከል የሚደረገው ምርጫ አብዛኛውን ጊዜ በኮሚሽኑ መጠን ይመዘናል። ከኮሚሽኑ የሚከብደው ግን ከወኪሉ ጋር መለያየት የሚያስከፍለው ነው። የፀጉር ቅባቱን ወደ ጀርመን ሊልክ የተነሣ የአዲስ አበባ አምራችን በምሳሌነት መውሰድ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በፍራንክፈርትና በሌሎች የጀርመን ከተሞች የሐበሻ ነዋሪዎችና የአፍሪካ ፀጉር የሚሠሩ ፀጉር ቤቶች አሉ፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች የት እንዳሉ ይታወቃል።

ቅባቱ ለፀጉር ቤት በ8 ዩሮ ይሸጣል፣ የወኪሉ ኮሚሽንም 15 በመቶ ነው እንበል። ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ለወኪሉ 1 ዩሮ ከ20 ሳንቲም ይደርሰዋል። በአንጻሩ በጀርመን አንድ ሻጭ ቢቀጠር ደመወዙ፣ አሠሪው የሚከፍለው የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮና የጉዞ ወጪው ተደምሮ በወር 4,800፣ በዓመት 57,600 ዩሮ ይሁን። ሁለቱ ወጪዎች እኩል የሚሆኑት ዓመታዊው ሽያጭ 384,000 ዩሮ፣ ማለትም 48,000 ጠርሙስ ሲደርስ ነው። ሽያጩ ከዚህ በታች ከሆነ ወኪሉ ይረክሳል፤ ገበያው ቢቀዘቅዝም አምራቹ ለማይሠራ ሠው ደመወዝ አይከፍልም። ከዚህ በላይ ሲሆን ሻጩ ይረክሳል። በዚህ ስሌት ብቻ ከተሄደ መልሱ ቀላል ይመስላል፦ በወኪል ጀምሮ፣ ገበያው ሲያድግ ወደ ቀጥታ ሽያጭ መዞር።

ይህን መንገድ ውድ የሚያደርገው ሕግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ1986 እ.ኤ.አ. ያወጣው የንግድ ወኪሎች መመሪያ ወኪሉን ይጠብቃል። የጀርመን ሕግም በዚሁ መሠረት፣ ወኪሉ አዳዲስ ደንበኞችን አምጥቶ አምራቹ ከእነዚያ ደንበኞች መጠቀሙን ከቀጠለ፣ ውሉ ሲያበቃ ወኪሉ ካሳ እንዲከፈለው ያደርጋል። የካሳው ጣሪያ ባለፉት አምስት ዓመታት በአማካይ ያገኘው የአንድ ዓመት ክፍያ ነው። ወኪሉ ይህን መብቱን ውሉ ከማብቃቱ በፊት ሊተው አይችልም። ከኅብረቱ ውጭ ያለን አገር ሕግ በውሉ ውስጥ ማስገባትም አያስመልጥም። የካሊፎርኒያ ሕግ በተጠቀሰበት አንድ ውል ላይ የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2000 እ.ኤ.አ. የወሰነው ይህንኑ ነው፤ ወኪሉ ሥራውን የሠራው በኅብረቱ ውስጥ እስከሆነ ድረስ ጥበቃው አይቀርም። ስለዚህ ውሉ በኢትዮጵያ ሕግ ይገዛል ብሎ መጻፍ አምራቹን አያድነውም። ይኸው ፍርድ ቤት በ2018 ደግሞ ውሉ በሙከራ ጊዜ ውስጥ ቢቋረጥም የካሳ መብቱ በዚህ ብቻ እንደማይቀር ወስኗል።

አሁን ወደ ምሳሌው እንመለስ። ሽያጩ በአምስት ዓመት ውስጥ 80፣ 160፣ 240፣ 320 እና 400 ሺህ ዩሮ እየሆነ አደገ እንበል። አማካዩ 240 ሺህ ነው፤ በ15 በመቶ ሲሰላ የካሳው ጣሪያ 36,000 ዩሮ ይሆናል። በአምስተኛው ዓመት የኮሚሽኑ ወጪ 60,000፣ የሻጩ ወጪ 57,600 ነው። አምራቹ ወደ ቀጥታ ሽያጭ ቢዞር በዓመት የሚያተርፈው 2,400 ዩሮ ብቻ ነው፤ ሽያጩ በዚያው መጠን ከቆመ የካሳውን ጣሪያ ለመመለስ 15 ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ ሁለቱ ወጪዎች እኩል በሚሆኑበት መጠን አካባቢ መንገድ መለወጥ አያዋጣም። ለውጡ ትርጉም የሚኖረው ሽያጩ ከዚያ በብዙ ሲበልጥ ነው፤ በዚያን ጊዜም አንድ ሻጭ ሁሉንም ማዳረስ መቻሉ መታየት አለበት። በአምስተኛው ዓመት የሚመጣው ይህ ወጪ ታስቦ መገኘት ያለበት ወኪሉ ሳይሾም በፊት ነው።

አከፋፋይን መምረጥም ሁልጊዜ ከካሳ አያድንም። የጀርመን ፍርድ ቤቶች አከፋፋዩ እንደ ወኪል በአምራቹ የሽያጭ መዋቅር ውስጥ ከገባና የደንበኞቹን ዝርዝር ለአምራቹ የማስረከብ ግዴታ ካለበት፣ የወኪሉን የካሳ ደንብ ለእሱም ያውላሉ።

ጉዳቱን ከመጀመሪያው የሚቀንሰው የክልሉ አወሳሰን ነው። በጀርመን ሕግ ለወኪል አንድ አካባቢ ከተሰጠው፣ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር፣ አምራቹ ራሱ በዚያ አካባቢ ከሚኖሩ ደንበኞች ጋር ለሚፈጽመው ሽያጭ ሁሉ ኮሚሽን ይከፈለዋል። አምራቹ በድረ ገጹ ለፍራንክፈርት ነዋሪ ለሸጠው ጠርሙስም ይከፍላል ማለት ነው። ስለዚህ የድረ ገጽ ሽያጭና ጥቂት ትልልቅ ደንበኞች ከወኪሉ ድርሻ ውጭ መሆናቸው በመጀመሪያው ውል መጻፍ አለበት። እንዲህ ሲሆን ወኪሉ ፀጉር ቤቶችን ይዞ ሲሠራ፣ ቀጥታው ሽያጭ ጎን ለጎን ያድጋል። በኋላ የሚከፈለው ካሳም ወኪሉ ባመጣቸው ደንበኞች ልክ ይወሰናል።

ለመዋቢያ ምርት ሌላ መያዣም አለ። የኅብረቱ የመዋቢያ ምርቶች ደንብ እያንዳንዱ ምርት በኅብረቱ ውስጥ የሚገኝ ተጠሪ እንዲኖረው ያዝዛል። ከውጭ ለሚገባ ምርት ተጠሪው አስመጪው፣ ወይም አስመጪው በጽሑፍ የወከለው ሌላ አካል ነው። ስሙና አድራሻው በማሸጊያው ላይ ይታተማል፤ ምርቱን በኅብረቱ የመረጃ ቋት የሚያስመዘግበውና የደኅንነት ግምገማ ሰነዱን የሚያስቀምጠውም እሱ ነው። ብዙ ጀማሪ አምራቾች ለወጪ ቅነሳ ይህን ሥራ ለወኪሉ ይደርቡለታል። በኋላ ሲለያዩ መለያው እንደገና ይታተማል፣ ምዝገባው ይሻሻላል፣ የወኪሉ ስም ያለበት ክምችትም አከራካሪ ይሆናል። ስለዚህ ከሽያጩ የሚለይ፣ ይህን አገልግሎት በክፍያ የሚሰጥ ድርጅት መያዙ የተሻለ ነው፤ የደኅንነት ሰነዱ ሙሉ ቅጂም በአምራቹ እጅ ሊኖር ይገባል።

ምርቱ ራሱ ወደ አንዱ መንገድ የሚያደላበት ጊዜም አለ። ስሙ የታወቀ፣ ዋጋው የተለመደ ሳሙና በወኪል በቀላሉ ይሸጣል። አጠቃቀሙ መታየት ያለበት የፀጉር ቅባት ግን በፀጉር ቤቱ ቆሞ የሚያሳይ ሰው ይፈልጋል። በቦርሳው የአሥር አምራቾች ካታሎግ የያዘ ወኪል ለአንዱ ይህን ያህል ጊዜ የሚሰጥበት ምክንያት የለውም።

ወኪሉ በሚገባ መሥራቱን የመጀመሪያው ትዕዛዝ ብዛት አይናገርም። አዲስ ዕቃ ሲቀርብ ሱቆች ለመሞከር ያህል ይገዛሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት ሽያጭ በአብዛኛው መደርደሪያ መሙያ ነው። መታየት ያለበት ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ስንቱ በሦስትና በአራት ወር ውስጥ መልሶ አዘዘ የሚለው ነው። አዲስ ገዢ እየጨመረ ድጋሚ ትዕዛዝ ካልመጣ ጠርሙሱ መደርደሪያ ላይ ቆሟል፤ ችግሩም ከወኪሉ ይልቅ በዋጋው፣ በማሳያው ወይም በምርቱ ሊሆን ይችላል። ድጋሚ ትዕዛዝ እየመጣ አዲስ ገዢ ካልጨመረ ግን ምርቱ ተወድዷል፣ ወኪሉ ግን መዞሩን አቁሟል። አምራቹ ይህን መለየት የሚችለው የእያንዳንዱን ፀጉር ቤት ስም፣ አድራሻና የትዕዛዝ ቀን በራሱ መዝገብ ከያዘ ብቻ ነው። ወኪሉ በአምራቹ ስም ስለሚሸጥ ደረሰኙ ከአምራቹ ይወጣል፤ መዝገቡም ከእያንዳንዱ ደረሰኝ ጋር በራሱ ይሞላል።