«አልተፈረደባቸውም» ማለት ነጻ ወጡ ማለት ነው እንዴ?

የፍርድ ቤት ዜና በወጣ ቁጥር አንድ ቃል ያጨቃጭቃል፦ «አልተፈረደባቸውም»። አንዱ አንብቦ «ተፈቱ!» ይላል፣ ሌላው «ኧረ ገና ነው» ይላል። ዛሬ ቃሉን እንበትነውና ምን እንደሚል፣ ምን እንደማይል እንየው።

ሥሩ ሦስት ድምፅ ነው፦ ፍ-ር-ድ። ፍርድ፣ ፍርደኛ፣ ፈራጅ ሁሉም ከዚሁ ነው የሚወጡት («ፈራጅ» ላይ ድ ወደ ጅ ተቀይሯል፣ ልክ እንደ ወሰደ-ወሳጅ)። አናባቢ ሲገባበት «ፈረደ» ይሆናል። ፊቱ ላይ «ተ» ስንጨምር «ተፈረደ» እንላለን፣ ፈራጁ ደግሞ ከቃሉ ይጠፋል። ማን ፈረደ? ቃሉ አይናገርም። «አልፈረዱባቸውም» ቢሆን ኖሮ «ዱ» የምትለዋ ፊደል ፈራጆች እንዳሉ ትጠቁመን ነበር።

አሁን ወደ «ባቸው» እንምጣ። እዚህ ጋ በፊደል መቁረጥ አያዋጣም፣ ምክንያቱም «ባ» ውስጥ ሁለት ነገር ተጣብቋል፦ «ብ» እና «አቸው»። ስናነበው ብ ጠብቃ ነው የምትነበበው። ሥራዋም «በእነሱ ላይ» ማለት ነው። በእሷ ቦታ ል ብናስገባ «አልተፈረደላቸውም» ይሆናል፣ ማለትም ከሳሽ ሆነው የጠየቁት አልተወሰነላቸውም። አንዲት ድምፅ ስትቀየር ተከሳሹ ከሳሽ ሆነ! በስልክ ቶሎ ቶሎ ስንጽፍ በና ለን ማሳሳት ደግሞ በጣም ቀላል ነው።

«አቸው» ራሱ ሁለት መልክ አለው። እነሱ ሊሆን ይችላል፣ አንቱ የሚባል አንድ ሰውም ሊሆን ይችላል። ርዕሱን ብቻ ያነበበ ሰው አንድ ባለሥልጣን ይሁን አሥር ሰው አያውቅም።

«አል» እና «ም» ፊትና ኋላ ሆነው አሉታውን ይይዛሉ። «አል»ን ሳናያት ካለፍን የቀረው «ተፈረደባቸውም» ነው። ያኔ «ም» ትርጉሟን ትቀይርና «እንዲያውም ተፈረደባቸው» ዓይነት ነገር ታስመስላለች። በ«ያልተፈረደባቸው» ውስጥ ግን «ም» የለችም፣ እንዲህ ዓይነት ጥገኛ ሐረግ ውስጥ አትገባም። ስለዚህ «ም» የለም ብሎ አሉታ አይደለም ማለት አይቻልም።

እንግዲህ ቃሉን ፈተን የቀረን ይሄ ነው፦ በእነሱ ላይ ፍርድ አልተሰጠም። ለምን እንዳልተሰጠ ግን የትኛውም ቁራጭ ውስጥ የለም። ቀጠሮ ተራዝሞ ሊሆን ይችላል፣ ክሱ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። «ጥፋተኛ» ተብለው ቅጣቱ ገና ያልተወሰነባቸው ሰዎችም አሉ፣ «አምስት ዓመት ተፈረደበት» እንደምንለው ብዙዎቻችን ቃሉን ለቅጣት ስለምንጠቀምበት። ፍርድ ቤት ነጻ ካላቸው ዜናው ብዙ ጊዜ «በነጻ ተሰናበቱ» ነው የሚለው። ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ጽሑፉ ውስጥ እሷን ፈልጉ።