የኩባንያ ገንዘብ ስንት ያስወጣል?

የአንድ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ማሽን ሊገዛ አስቧል እንበል። «ባንክ በ15 በመቶ ያበድረናል፤ ማሽኑ ከግብር በኋላ በዓመት 16 በመቶ ያስገኛል፤ ስለዚህ እናተርፋለን» ይላል። ስሌቱ ጎዶሎ ነው፤ ፋብሪካው የሚሠራው በባንክ ገንዘብ ብቻ አይደለምና።

ከ100 ሚሊዮን ብር ካፒታሉ 40 ሚሊዮኑ ብድር፣ 10 ሚሊዮኑ የቅድሚያ መብት ያለው አክሲዮን፣ 50 ሚሊዮኑ ተራ አክሲዮን ነው። ወለድ ግብር ከመሰላቱ በፊት በወጪነት ይያዛል፤ በኢትዮጵያ ኩባንያዎች ከትርፋቸው 30 በመቶ ግብር ስለሚከፍሉ የብድሩ እውነተኛ ወጪ 10.5 በመቶ ይሆናል። የቅድሚያ ባለአክሲዮኖች 16 በመቶ የትርፍ ድርሻ ግን ግብር ከተከፈለ በኋላ ስለሚወጣ ይህ ቅናሽ የለውም። ተራ ባለአክሲዮኖች የሚደርሳቸው ከሁሉም በኋላ ስለሆነ፣ ለስጋታቸው ማካካሻ 24 በመቶ ይጠብቃሉ።

እያንዳንዱን ወጪ በድርሻው እናባዛ፦

0.4 × 10.5 + 0.1 × 16 + 0.5 × 24 = 17.8

አማካይ የካፒታል ወጪው 17.8 በመቶ ነው። ማሽኑ 10 ሚሊዮን ብር ቢፈጅ፣ የሚያስገኘው 1.6 ሚሊዮን ከሚፈለገው 1.78 ሚሊዮን በ180 ሺህ ብር ያንሳል። ጉድለቱን የሚሸከሙት ተራ ባለአክሲዮኖች ናቸው።

ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። ድርሻዎቹ የሚለኩት በሒሳብ መዝገብ ሳይሆን በወቅቱ የገበያ ዋጋ ነው። 24 በመቶውም በውል ያልሰፈረ ግምት ስለሆነ፣ ከፍና ዝቅ እያደረጉ ውሳኔው ይለወጥ እንደሆነ መፈተሽ ይገባል።