እርግዝናና የታይሮይድ ኪኒን፦ በሳምንት ሁለት ፍሬ ተጨማሪ

«ዶክተር፣ ትናንት ተመርምሬ ነፍሰ ጡር ነሽ ተባልኩ። የታይሮይድ ኪኒኔን ላቁመው?»

ጠያቂዋ እንቅርቷን በቀዶ ሕክምና ካስወጣች ወዲህ በየቀኑ 100 ማይክሮግራም ሌቮታይሮክሲን የምትወስድ ታካሚዬ ናት። ማቆም ቀርቶ ከዚሁ ሳምንት ጀምሮ መጨመር አለብሽ አልኳት። ደነገጠች፤ አይፈረድባትም፣ ነፍሰ ጡር መድኃኒት አትውሰድ ሲባል ነው የኖርነው።

ፅንስ የራሱን የታይሮይድ ሆርሞን ማምረት የሚጀምረው በ12ኛው ሳምንት አካባቢ ነው፤ ምርቱ የሚጠነክረው ደግሞ ወደ እርግዝናው አጋማሽ ነው። አንጎሉ ግን እስከዚያ አይጠብቅም። የነርቭ ሴሎች ተፈጥረው ወደየቦታቸው መጓዝ የሚጀምሩት በእነዚሁ ወራት ሲሆን፣ ለዚህ የሚያስፈልገው ሆርሞን የሚመጣው ከእናት ደም በእንግዴ ልጅ በኩል ነው። ያኔ ያጠረውን በኋላ መሙላት ላይቻል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት፣ የታይሮይድ እጥረት እያለባቸው ሳይታከሙ የወለዱ እናቶች ልጆች ከ7 እስከ 9 ዓመታቸው ሲፈተኑ፣ የአእምሮ ብቃት ውጤታቸው ከሌሎቹ ልጆች በአማካይ በ7 ነጥብ ያነሰ ነበር። አማካይ ነው እንግዲህ፤ ስለ አንድ ልጅ የሚናገረው ነገር የለም።

የወትሮው መጠን የማይበቃውስ ለምንድን ነው? በእርግዝና ኤስትሮጅን ሲጨምር ሆርሞኑን ይዞ የሚዞረው ፕሮቲን በደም ውስጥ ይበዛል፤ ብዙው ሆርሞን በዚያ ይያዛል። ጤነኛ እጢ ምርቱን ጨምሮ ያካክሳል። እጢዋ የወጣላት ሴት ግን ያላት ኪኒኑ ብቻ ነው። ፍላጎቱ ከ5ኛው ሳምንት ጀምሮ ሊጨምር ስለሚችል፣ የመጀመሪያውን የክትትል ቀጠሮ መጠበቅ ጊዜ ያባክናል። ለማርገዝ ያሰበች ሴት ጭማሪውን ከሐኪሟ ጋር አስቀድማ ብትነጋገርበት ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ለታካሚዬ በሳምንት 7 ፍሬ የነበረውን 9 አደረግነው፤ ረቡዕና እሑድ ሁለት ሁለት ትውጣለች። ከ700 ወደ 900 ማይክሮግራም፣ 29 በመቶ ገደማ ጭማሪ ነው።

ከ4 ሳምንት በኋላ ቲኤስኤች ስትለካ 6.1 መጣ። ይህ ቁጥር ከፍ ማለቱ ሆርሞኑ ማነሱን ነው የሚያሳየው፤ እኛ የምንፈልገው ከ2.5 በታች ነው። መጠኑን ከመጨመሬ በፊት ጠየቅኳት።

«ኪኒኑን መቼ ነው የምትወስጂው?»

«ጠዋት፣ ከአይረኑ ጋር አንድ ላይ። እንዳልረሳው ብዬ።»

አይረን ሌቮታይሮክሲንን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል፤ ካልሲየምም እንደዚሁ። ቢያንስ 4 ሰዓት መራራቅ አለባቸው። አይረኑን ወደ ማታ አዛወርነው፤ ሌቮታይሮክሲኑን ቁርስና ቡና ከመድረሱ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድማ በውኃ ብቻ እንድትውጠው ነገርኳት። በቀጣዩ ምርመራ 1.9 ሆነ። እስከ እርግዝናው አጋማሽ በየ4 ሳምንቱ፣ ከዚያ በ30ኛው ሳምንት አካባቢ አንዴ ለካን።

እንደወለደች ወደ ቀድሞው 100 ተመለሰች። በ6ኛው ሳምንት እንደገና ተለካች፤ ጡት እያጠባች መውሰዷንም አላቋረጠችም።