ያልተሳካ ሥራ መቼ እና እንዴት ይደገም?

በየሌሊቱ ሪፖርት ወደ ሌላ ሰርቨር የሚልክ ፕሮግራም አለን እንበል። ሰርቨሩ 503 ከመለሰ ለጊዜው አገልግሎት መስጠት አልቻለም ማለት ነውና መድገም ያዋጣል። 400 ከመለሰ ግን ችግሩ የላክነው ጥያቄ ላይ ስለሆነ መቶ ጊዜ ብንደግመውም ያው ነው፤ ወዲያው አቁሞ ለባለሙያ ማሳወቅ ይሻላል።

ስንደግም የጥበቃ ጊዜውን በየሙከራው በእጥፍ እናሳድግ፦ 1፣ 2፣ 4፣ 8 ሰከንድ እያለ፣ ከ60 ሳያልፍ። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። ብዙ ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ካልተሳካላቸው በአንድ ጊዜ ይመለሱና ገና እያገገመ ያለውን ሰርቨር መልሰው ይጥሉታል። ስለዚህ ጥበቃውን በዘፈቀደ እንበትነው፤ `n` ከ0 ይጀምራል፦

```
wait = random.uniform(0, min(60, 2**n))
```

ሰርቨሩ `Retry-After` ከላከ ከዚያ በፊት አንመለስ። ከ5 ሙከራ በኋላም ካልሆነ ሥራውን ለይተን እናስቀምጠውና ሰው ይየው።