ያረጀ ዱቤ ስንቱ ይመለሳል?

ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ፣ በዱቤ የሚሸጥ ነጋዴ መዝገቡ ላይ አንድ ትልቅ ቁጥር ያገኛል፤ ከደንበኞች የሚሰበሰብ ገንዘብ። ቁጥሩ ሀብት ተብሎ ይመዘገባል። ነገር ግን ትናንት ዕቃ የወሰደው ደንበኛ ዕዳና ከስድስት ወር በፊት ወስዶ ስልክ ማንሳት ያቆመው ሰው ዕዳ እዚያው ውስጥ እኩል ተደምረው ተቀምጠዋል። ሁለቱን ለይቶ የሚያሳየው የሂሳብ ሠራተኞች ኤጂንግ የሚሉት የተሰብሳቢ ሂሳብ የዕድሜ ሪፖርት ነው።

ሪፖርቱ እያንዳንዱን ያልተከፈለ ደረሰኝ እንደ ዕድሜው በየዓምዱ ይደለድላል። አብዛኛውን ጊዜ ዓምዶቹ አምስት ናቸው፦ የመክፈያ ቀኑ ገና ያልደረሰ፣ ካለፈ እስከ 30 ቀን፣ ከ31 እስከ 60፣ ከ61 እስከ 90 እና ከ90 ቀን በላይ። ፒችትሪም ሆነ ሌላ የሂሳብ ሶፍትዌር ይህን በደቂቃ ያወጣዋል። ከባዱ ሥራ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከእያንዳንዱ ዓምድ ውስጥ ጨርሶ የማይገባው ስንት ነው?

መቶኛው ከየት ይመጣል?

ብዙ ድርጅቶች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። አንዱ ሂሳብ ሠራተኛ ከቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ያመጣውን መቶኛ ይጠቀማል፤ ሌላው ከመማሪያ መጽሐፍ የቀዳውን። ትክክለኛው መቶኛ ያለው ግን በድርጅቱ በራሱ መዝገብ ውስጥ ነው። የሚገኘውም ያለፈ ዓመት የዱቤ ሽያጭን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በመከተል ነው።

አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ጅምላ አከፋፋይ በምሳሌነት እንውሰድ። ባለፈው ዓመት 10 ሚሊዮን ብር በዱቤ ሸጧል። በመክፈያው ቀን ያልተከፈለው 4 ሚሊዮን ነበር። 30 ቀን ሲያልፍ 2 ሚሊዮን፣ 60 ቀን ሲያልፍ 1 ሚሊዮን፣ 90 ቀን ሲያልፍ ደግሞ 500 ሺህ ብር ቀረ። በመጨረሻ ምንም ቢደረግ ያልተመለሰው 200 ሺህ ብር ሆነ።

አሁን ያችን 200 ሺህ ብር ለእያንዳንዱ ደረጃ እናካፍላት። ከ10 ሚሊዮኑ 2 በመቶ ናት። የመክፈያ ቀኑ ካለፈው 4 ሚሊዮን ግን 5 በመቶ፣ ከ2 ሚሊዮኑ 10 በመቶ፣ ከ1 ሚሊዮኑ 20 በመቶ፣ ከ500 ሺሁ ደግሞ 40 በመቶ ትሆናለች። የጠፋው ብር ያው ነው፤ በየወሩ ጥሩ ከፋዮች እየከፈሉ ሲወጡ ግን በቀሪው ውስጥ የማይከፍሉት ድርሻ እየገዘፈ ይሄዳል። ዕድሜ ስለ ዕዳ ብዙ የሚናገረው በዚህ ምክንያት ነው።

ዘንድሮ ይኸው አከፋፋይ 4 ሚሊዮን ብር ተሰብሳቢ አለው። መቶኛዎቹን በየዓምዱ ላይ ስናውል እንዲህ ይመጣል፦

| ዕድሜ | ቀሪ ዕዳ (ብር) | መቶኛ | የማይሰበሰብ ግምት (ብር) |
|---|---|---|---|
| ቀኑ ያልደረሰ | 2,000,000 | 2 | 40,000 |
| 1–30 ቀን | 1,000,000 | 5 | 50,000 |
| 31–60 ቀን | 500,000 | 10 | 50,000 |
| 61–90 ቀን | 200,000 | 20 | 40,000 |
| ከ90 በላይ | 300,000 | 40 | 120,000 |
| ድምር | 4,000,000 | | 300,000 |

ቀኑ ላልደረሰ ዕዳ ጭምር ግምት መያዙ ነጋዴውን ሊያስገርመው ይችላል። ከጥር 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ 9 የሚጠይቀው ግን ይህንኑ ነው፤ ኪሳራው እስኪደርስ አይጠበቅም፣ ዱቤው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ይገመታል።

ከመቶኛው ጀርባ ያሉ ሰዎች

መቶኛ ለብዙ ትናንሽ ዕዳዎች ይሠራል። ትልልቆቹን ግን በስም ማየት ያስፈልጋል። ከ90 ቀን በላይ ያለው 300 ሺህ ብር ሲፈተሽ 150 ሺሁ ሱቁን ዘግቶ የጠፋ ቸርቻሪ ዕዳ ሆኖ ተገኘ እንበል። 110 ሺሁ ደግሞ በጀት እስኪለቀቅለት የሚጠብቅ፣ ዕዳውን በደብዳቤ ያመነ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። የቀረው 40 ሺህ የትናንሽ ደንበኞች ነው። ሁለቱም ትልልቅ ዕዳዎች ዕድሜያቸው አንድ ነው፤ ተስፋቸው ግን አይገናኝም።

ስለዚህ የቸርቻሪው ዕዳ ሙሉ በሙሉ፣ የመሥሪያ ቤቱ 10 በመቶ ማለትም 11 ሺህ ብር፣ የትናንሾቹ 40 በመቶ ማለትም 16 ሺህ ብር ይያዝ። ዓምዱ ከ120 ሺህ ወደ 177 ሺህ፣ ጠቅላላ ግምቱም ወደ 357 ሺህ ብር ከፍ ይላል። በሂሳብ መግለጫው ላይ የሚታየው የተጣራ ተሰብሳቢ 3 ሚሊዮን 643 ሺህ ብር ይሆናል። ካለፈው ዓመት የዞረ 250 ሺህ ብር መጠባበቂያ ካለ፣ ዘንድሮ በወጪነት የሚመዘገበው ልዩነቱ 107 ሺህ ብር ብቻ ነው።

ያለፈው ታሪክም በራሱ አይበቃም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ብር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ክፉኛ ወርዷል። ከዚያ በፊት ከነበሩ ዓመታት የተቀዳ መቶኛ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ለሚነግድ ደንበኛ እንዳለ ሊሠራ አይችልም። የደንበኞች አቅም መለወጡን የሚያሳይ ማስረጃ ካለ መቶኛው ከነምክንያቱ ተጽፎ ይስተካከላል።

ሪፖርቱ ሲያሳስት

ግምቱ ከሪፖርቱ አይሻልም። በመጀመሪያ ዕድሜው ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር ይታይ። ሶፍትዌሩ ደረሰኙ ከተቆረጠበት ቀን ከቆጠረ፣ የ60 ቀን ዱቤ የተሰጠው ጨዋ ደንበኛ ያዘገየ ሊመስል ይችላል። መቶኛው የወጣበትና የሚውልበት አቆጣጠር አንድ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ችግር ከደረሰኙ ጋር ያልተገናኘ ክፍያ ነው። ደንበኛው ባንክ አስገብቷል፤ ገንዘቡ በስሙ ተመዝግቧል፤ ደረሰኙ ግን ክፍት ሆኖ ያረጃል። ገዢው ቀንሶ ያስቀረው ዊዝሆልዲንግም እንዲሁ ነው። ደረሰኙ እስኪመጣና እስኪመዘገብ ድረስ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ትንሽ ትንሽ ቀሪ ይንጠለጠላል። በአሮጌው ዓምድ ውስጥ ተመሳሳይ መቶኛ ያላቸው ጥቃቅን ቀሪዎች ተደርድረው ካያችሁ፣ የጎደለው ወረቀት ነው፤ ደንበኛው አልካደም።

ሦስተኛውና አደገኛው አሮጌውን ዕዳ ማደስ ነው። የሽያጭ ክፍሉ አሮጌውን ደረሰኝ ሰርዞ በአዲስ ቀን ይቆርጣል፣ ወይም የመክፈያ ቀኑን ያራዝማል። ሪፖርቱ በአንድ ሌሊት ወጣት ይሆናል። የሚያጋልጠው ያለፈውን ወር ሪፖርት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው፤ ከአሮጌው ዓምድ የወጣ እያንዳንዱ ብር ባንክ ውስጥ የገባበት ማስረጃ ሊኖረው ይገባል።

መጠባበቂያ መያዝ ዕዳውን መማር እንዳልሆነም ይታወቅ። ቸርቻሪው 150 ሺሁን ዛሬም ይጠየቃል። ለግብርም ግምቱ ብቻውን ተቀናሽ አይሆንም፤ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ዕዳው ቀድሞ በገቢነት የተያዘ፣ ከመዝገብ የተሰረዘና ለማስመለስ አስፈላጊው ሕጋዊ እርምጃ ሁሉ ተወስዶበት ያልተገኘ መሆን አለበት። ስለዚህ የማሳሰቢያ ደብዳቤዎችና የክስ ሰነዶች ፋይል ውስጥ ይቀመጡ።

በመጪው ሰኔ አከፋፋዩ የዘንድሮውን 357 ሺህ ብር ግምት ከእነዚሁ ዕዳዎች በእርግጥ ከጠፋው ጋር ያነጻጽር። የጠፋው በተደጋጋሚ ከግምቱ ከበለጠ፣ መቶኛውን ማሳደግ ብቻ ሳይሆን ለማን፣ ለስንት ቀን ዱቤ እንደሚሰጥ እንደገና መወሰን ይኖርበታል።