የፋሲካን ቀን በጋውስ ቀመር ማስላት

ስቅለትና ፋሲካ በሕግ የተደነገጉ የሕዝብ በዓላት ቢሆኑም ቀናቸው በየዓመቱ ይለዋወጣል። ስለዚህ ከወራት በፊት ቀጠሮ የሚይዙ፣ የዓመት ዕረፍት የሚጠይቁ ወይም ጉዳያቸውን ለመፈጸም ከውጭ አገር የሚመጡ ተገልጋዮች መሥሪያ ቤቶች የሚዘጉበትን ቀን አስቀድመው ማወቅ ይፈልጋሉ። የቀጣዩ ዓመት የቀን መቁጠሪያ እስኪታተም መጠበቅ ግን የግድ አይደለም። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1800 ባሳተመው ቀመር ማንኛውም ሰው በእርሳስና በወረቀት ሊያሰላው ይችላል።

ቀመሩ የተዘጋጀው ለአውሮፓውያን ዓመት በመሆኑ በመጀመሪያ በኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት ላይ 8 ይደመራል። ፋሲካ ሁልጊዜ ከጥር ወር በኋላ ስለሚውል ልዩነቱ 8 እንጂ 7 አይሆንም። የተገኘውን ቁጥር x ብለን እንቀጥላለን፤ mod የሚለው ምልክት «አካፍለህ ቀሪውን ውሰድ» ማለት ነው።

```
a = x mod 19
b = x mod 4
c = x mod 7
d = (19a + 15) mod 30
e = (2b + 4c + 6d + 6) mod 7
```

ፋሲካ የሚውለው መጋቢት 26 ላይ d እና e ተደምረው በሚገኘው ቀን ነው። ድምሩ ከ30 ከበለጠ 30 ይቀነስለትና ወሩ ሚያዝያ ይሆናል።

የ2019 ዓ.ም.ን ፋሲካ እንፈልግ። 2019 ላይ 8 ሲደመር 2027 ነው። 2027 ለ19 ሲካፈል 106 ጊዜ ደርሶ 13 ይተርፋል፤ ለ4 ሲካፈል 3፣ ለ7 ሲካፈል ደግሞ 4 ይተርፋል። 19 በ13 ተባዝቶ 15 ሲደመርበት 262 ይሆናል፤ ይህም ለ30 ሲካፈል ቀሪው 22 ነው። ለመጨረሻው ስሌት 6፣ 16፣ 132 እና 6 ተደምረው 160 ይሆናሉ፤ ለ7 ሲካፈል 6 ይቀራል። እንግዲህ 26፣ 22 እና 6 ሲደመሩ 54 ናቸው፤ 30 ሲቀነስ 24 ይቀራል። ፋሲካ እሑድ ሚያዝያ 24 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ስቅለት ደግሞ ዓርብ ሚያዝያ 22 ይውላሉ ማለት ነው።

የባሕረ ሐሳብን ስሌት የሚያውቁ አንባቢያን እዚህ ላይ የሚያውቁትን ነገር ሳያስተውሉ አይቀሩም። ዓመተ ዓለሙ 7519 ለ19 ተካፍሎ 14 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 13 ነው። ይህ ከላይ a ብለን ያገኘነው ቁጥር ራሱ ነው። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 7 መጥቅዕ ይባላል፤ 15 ሲጨመርበት የጋውስን d፣ 22ን ይሰጣል። በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 7 ቅዳሜ ስለሚውል የቅዳሜ ተውሳክ 8 ተደምሮ መባጃ ሐመሩ 15 ይሆናል፤ በዚህ ላይ የፋሲካ ተውሳክ 9 ሲጨመር ሚያዝያ 24 ይገኛል። ሁለቱ መንገዶች የሚቆሙት በአንድ የ19 ዓመት የጨረቃ ዑደት ላይ በመሆኑ መስማማታቸው አጋጣሚ አይደለም።

በቀመሩ d የሚያመለክተው ሙሉ ጨረቃ ከመጋቢት 25 በኋላ በስንተኛው ቀን እንደምትታሰብ ነው። በ2019 ይህ ቀን ሚያዝያ 17 ነው። ዕለቱ እሑድ ስለሆነና ፋሲካ ከሙሉ ጨረቃ በኋላ ባለው እሑድ ስለሚከበር በዓሉ ሙሉ ሳምንት ተገፍቶ ሚያዝያ 24 ላይ ያርፋል። ይህች ጨረቃ ግን የሒሳብ ጨረቃ ናት፤ በዘመናችን በሰማይ ከምትታየው በጥቂት ቀናት ትዘገያለች። ስለዚህ ስሌቱን ወደ ሰማይ በመመልከት ማረም አይቻልም።

ስሌት መሳቱን ለማወቅ ሁለት ማጣሪያዎች አሉ። የተገኘው ቀን እሑድ መሆን አለበት፤ ደግሞም ከመጋቢት 26 በፊት ወይም ከሚያዝያ 30 በኋላ ሊውል አይችልም። በእጅ ስልክ ማስሊያ የሚጠቀሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ከነጥብ በኋላ ያለውን ቁጥር እንደ ቀሪ በመውሰድ ነው። 2027 ለ19 ሲካፈል 106.68 ያህል ይታያል፤ ቀሪው ግን 68 አይደለም። 106ን በ19 አባዝቶ ውጤቱን 2014ን ከ2027 በመቀነስ 13 ይገኛል።

ሌላው ስሕተት የምዕራባውያኑን ቀመር ለእኛ በዓል መጠቀም ነው። ጋውስ ለጎርጎርዮስ አቆጣጠር ያዘጋጀው ቀመር ከዚህኛው ጋር ቢመሳሰልም 15 እና 6 በሚሉት ቁጥሮች ፋንታ በየምዕተ ዓመቱ ሊለወጡ የሚችሉ ቁጥሮችን ይይዛል። በዚያ ስሌት የ2019 ፋሲካ እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 2027፣ ማለትም መጋቢት 19 ይሆናል፤ ከእኛ አምስት ሳምንት ይቀድማል። ቀኑ ከመጋቢት 26 በፊት መዋሉ ብቻ ለእኛ በዓል የማይሆን መሆኑን ያሳያል። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖች በሚኖሩበት አገር የቀን መቁጠሪያ ላይ የሚያገኙት አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ቀን ስለሆነ ጉዟቸውን ሲያቅዱ ሊያስተውሉ ይገባል።

ውጤቱን ወደ አውሮፓውያን ቀን መለወጥ ካስፈለገ ሚያዝያ 1 እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 9 ስለሚውል ሚያዝያ 24 ሜይ 2 ቀን 2027 ይሆናል። ይህ መቀያየሪያ የሚሠራው እ.ኤ.አ. እስከ 2099 ፋሲካ ድረስ ሲሆን ከ2100 ፋሲካ ጀምሮ በአንድ ቀን ይለወጣል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰላው ቀን ግን ያኔም ማስተካከያ አያስፈልገውም።